«መሸኛ ስጡኝ» ለማለትም ዘዴ አለው!

መቼም ሰው ሲናደድ ብዕሩም ይናደዳል። ባለፈው ጥር እህቴ ከድሬ ጠያራ በባጃጅ ሐረር ድረስ መጣችና አንድ ወረቀት ፊቴ ዘረጋች። የ5ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጇ በየማለዳው «ሆዴን አመመኝ» ማለት ከጀመረ ወር አልፎታል። ነገሩ ሲጣራ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ የሚደበድቡት ጎረምሶች አሉ። ለርዕሰ መምህሩ የጻፈችው «ልጅ መጠበቅ ካልቻላችሁ መሸኛውን ስጡኝ!» የሚል ነበር።

«ተዪ እቱ፣ መሸኛውን የሚፈርመው ያው ሰውዬ ነው'ኮ» አልኳት።

«ታዲያ አባቱ ሥራ ተዛወረ ልበል?»

ይሄ ደግሞ ባሰ! ባሏን በየቀኑ ገበያ ላይ የሚያየው ሰው ሞልቷል፤ ውሸቱ ሳምንትም አይቆይ።

እውነቱ ግን እዚያው ነበር። ልጁ ሸዋ በር አካባቢ አያቱ ዘንድ ሊኖር ነው። ይህ ማንንም አይከስም፣ ለዝውውርም በቂ ነው።

ደብዳቤው ከመግባቱ በፊት ግን ተቀባይ ትምህርት ቤት ፈለግን። ልጁ የተማረው በአፋን ኦሮሞ ነው። ሐረሪ ክልል ውስጥ በሐረሪ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሚያስተምሩ አሉና፣ በዓመቱ አጋማሽ የማያውቀው ቋንቋ ክፍል ቢገባ ከዱላው የባሰ ነው። በቋንቋው የሚያስተምር፣ ቦታም ያለው አገኘንና «እንቀበላለን» የሚል ወረቀት ያዝን። የአንደኛው ሴሚስተር ፈተና እስኪያልቅም ታገስን፤ አለዚያ ውጤቱ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ይቀራል። ልጁ 8ኛ ክፍል ቢሆን ኖሮ ደግሞ የክልል ፈተና ምዝገባው የት እንደሚያዝ አስቀድመን መጠየቅ ነበረብን።

ከዚያ እንዲህ ጻፍን፦

«ልጄ ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ ሐረር ከተማ ከአያቱ ጋር ስለሚኖር፣ የአንደኛ ሴሚስተር ውጤቱ ተሞልቶ መሸኛ እንዲሰጠኝ በትህትና እጠይቃለሁ። እስካሁን ላስተማራችሁልኝ አመሰግናለሁ።»

አለቀ! የድብደባውን ነገር እህቴ ለክፍል ኃላፊው በቃል ነገረችው። «እኔስ ልጄን ወሰድኩ፤ በዚያው መንገድ የሚመጡ ሌሎች ግን አሉ» አለችው። እሱም የልጆቹን ስም ጠየቃት። በቁጣ ብትጽፈው ኖሮ ይጠይቃት ነበር?

ይሉኝታም ልክ አለው ታዲያ። ልጁ ተጎድቶ ቢሆን፣ ወይም የመታው መምህር ቢሆን፣ ነገሩ በጨዋ ቃል አይሸፈንም። ቀኑና የሆነው ሁሉ በሌላ ደብዳቤ ለርዕሰ መምህሩ፣ ካልሰማም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። ከመሸኛው ጥያቄ ጋር ግን አይደባለቅ፤ አንዱ ሌላውን ያስይዛል።

እህቴ መጻሕፍቱን መልሳ፣ መሸኛው ላይ የልጁ ስም እስከ አያት በትክክል መጻፉን አይታ ወጣች። ሆድ ቁርጠቱስ? አያቱ እንደምትለው፣ ከገባ ጀምሮ ቁርስ ይደግማል!