ሳይቆፍሩ አፈር ማንበብ

በምዕራብ ኔዘርላንድስ ድልድይ ወይም ፎቅ ከመሠራቱ በፊት አንድ ከባድ መኪና ቦታው ላይ ይቆማል። ከመኪናው ሥር ጫፉ ሾጣጣ የሆነ የብረት ዘንግ ቀስ እያለ ወደ መሬት ይገባል። አይመታም፣ አይሽከረከርም፤ በሰከንድ 2 ሴንቲ ሜትር በሆነ ፍጥነት ይገፋል። ሙከራው የዚያው አገር ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ባረንትሰን የተባለ ሆላንዳዊ መሐንዲስ የጀመረው ሲሆን፣ የመረጠው 10 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋትና 60 ዲግሪ ሹልነት ያለው ኮን እስከ ዛሬ መደበኛው ነው።

ዘመናዊው ኮን ሦስት ነገሮችን ይለካል። የመጀመሪያው ጫፉን የሚገጥመው ተቃውሞ ነው። ሁለተኛው ከጫፉ በላይ ያለው የብረት እጅጌ ከአፈሩ ጋር ሲታከክ የሚፈጠረው ሰበቃ፣ ሦስተኛው ደግሞ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው የውኃ ግፊት ነው። ሦስቱ መስመሮች ጎን ለጎን፣ ጥልቀቱ ወደ ታች እየጨመረ ይሣላሉ። ዋናው ጥበብ አንዱን ብቻ አለማመን ነው።

ለማስረዳት አንድ ግራፍ እንውሰድ። እስከ 2 ሜትር ጥልቀት የጫፉ ተቃውሞ 6 ሜጋፓስካል ያህል ነው፤ ሰበቃው የተቃውሞውን 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ይህ የተደለደለ አሸዋ ነው። ከ2 እስከ 4 ሜትር ተቃውሞው ወደ ምንም ሲጠጋ ሰበቃው 8 በመቶ ይደርሳል፤ የበሰበሰ ዕፅዋት የተከማቸበት ጥቁር አፈር መሆኑን ይናገራል። ከ4 ሜትር በታች ተቃውሞው አሁንም ትንሽ ነው፤ ሰበቃው ግን 4 በመቶ አካባቢ ይረጋል፣ የውኃው ግፊትም ሽቅብ ይወጣል። ሸክላ ማለት ነው። ሸክላ ውኃውን በቶሎ ስለማይለቅ፣ ኮኑ ሲገፋው የታፈነው ውኃ ግፊቱን ይጨምራል። 12 ሜትር ላይ ተቃውሞው ወደ 15 ሜጋፓስካል ዘሎ የውኃው ግፊት ወደ ተፈጥሮ ልኩ ከተመለሰ፣ ኮኑ የአሸዋ ንብርብር አግኝቷል። የፓይል ጫፍ የሚያርፈው እዚህ ነው።

ሁሉም ጥርስ ግን ንብርብር አይደለም። በየ1 ሜትሩ የሚታየው ትንሽ ቁልቁለት ሠራተኞቹ አዲስ ዘንግ ለመቀጠል ያቆሙበት ቦታ ነው። እጅጌው ከጫፉ በላይ ስለሆነ የሁለቱ ንባብ በጥልቀት ካልተስተካከለ፣ በአሸዋና በሸክላ ድንበር ላይ የሌለ ንብርብር ብቅ ይላል። ቀጭን የአሸዋ መስመርም በለስላሳ ሸክላ መካከል ሲሆን ከእውነተኛው ይልቅ ደካማ ሆኖ ይነበባል፤ ኮኑ ገና ሳይደርስበት ከታች ያለውን ልስላሴ ይሰማዋልና።

ከዚያ የጥንካሬው ጥያቄ ይመጣል። ግድብ ወይም የመንገድ ሙሌት በፍጥነት ሲከመርበት ሸክላው ውኃውን ለማስወጣት ጊዜ የለውም፤ በዚያ ሁኔታ የሚችለው ጉልበት ነው የሚፈለገው። በምሳሌአችን 8 ሜትር ላይ የተነበበው ተቃውሞ 340 ኪሎፓስካል፣ የውኃው ግፊት 200 ነው። ከጫፉ በስተጀርባ ባለው ክፍተት ውኃው ኮኑን ወደ ታች ስለሚገፋው፣ ንባቡ ከእውነቱ ያንሳል። የኮኑ የስፋት ሬሾ 0.8 ከሆነ፣ የ200 አምስተኛው ማለትም 40 ይጨመርና 380 ይሆናል። ከላይ ያለው አፈር ክብደት ወደ 122 ነው፤ ሲቀነስ 258 ይቀራል። ይህ ለአንድ አካፋይ ይካፈላል፦

su = (qt − σv0) / Nkt

አካፋዩ 14 ቢሆን ጥንካሬው 18 ኪሎፓስካል ያህል ነው። ችግሩ Nkt ከ10 እስከ 18 ሊሆን መቻሉ ነው፤ በ10 ሲካፈል 26፣ በ18 ሲካፈል 14 ይወጣል። አንድ ቁጥር ብቻ ጽፎ አካፋዩን የማይገልጽ ሪፖርት ስለዚህ ሊጠረጠር ይገባል። በቦታው ላይ በሸክላው ውስጥ ምላጭ በማሽከርከር ወይም ከተወሰደ ናሙና በላቦራቶሪ ጥንካሬው ከተለካ፣ አካፋዩ ለዚያ ሸክላ ይስተካከላል። ደለል ውስጥ ግን ውኃው በከፊል ስለሚያመልጥ ስሌቱ ራሱ አይሠራም።

ትንሹ ስሕተትም ዋጋው ትልቅ ነው። እስከ 50 ሜጋፓስካል መለካት የሚችል ኮን ዜሮው በአቅሙ ሺህኛ ብቻ ቢንሸራተት 50 ኪሎፓስካል ይዛባል። አሸዋ ላይ ማንም ልብ አይለውም፤ እዚህ ሸክላ ላይ ግን ከ18ቱ ጥንካሬ ሦስት ተኩል ያህሉን ይወስዳል ወይም ይጨምራል። ስለዚህ ግራፉን የሚያነብ መሐንዲስ ከመስመሮቹ በፊት ኮኑ ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ የተመዘገቡትን የዜሮ ንባቦች ይጠይቃል።