ቶነር ከማስሞላትዎ በፊት ማስመሪያ ያንሱ

ከሌዘር ፕሪንተር በወጣ ወረቀት ላይ ጽሑፉን ከግራ ወደ ቀኝ የሚያቋርጡ ነጫጭ መስመሮች ሲታዩ ብዙ ሰው ወዲያው "ቶነር አልቋል" ይላል። ካርትሪጁ ወጥቶ ይወዘወዛል፤ ካልተሻለው ለማስሞላት ይላካል። ተሞልቶ ሲመለስም መስመሮቹ ብዙ ጊዜ እዚያው ናቸው። የቶነር ማነስ እንዲህ ያለ ምልክት እምብዛም ስለማይተው ይህ አያስገርምም።

መጀመሪያ መታየት ያለበት የመስመሩ አቅጣጫ ነው። ቶነር እያለቀ ሲሄድ ዱቄቱ በካርትሪጁ ወርድ ላይ እኩል አይዳረስም፤ አንደኛው ቦታ ቀድሞ ይጎድላል። ያ ቦታ ወረቀቱ አልፎ እስኪያልቅ ድረስ አሳስቶ ስለሚያትም ገርጣ ያለው ክፍል ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ሌዘሩ የሚያልፍበት መስታወት ላይ ቆሻሻ ሲያርፍም እንዲሁ ነው። አግድም መስመር ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ወረቀቱ በራስጌው በኩል እየገባ ስለሚታተም፣ ወርዱን ሙሉ የያዘ ነጭ መስመር ማለት ለአንድ ቅጽበት ከዳር እስከ ዳር ቶነር ሳያርፍ አለፈ ማለት ነው። ቀጥሎ የሚጠየቀው ያ ቅጽበት በእኩል ርቀት ይደጋገማል ወይስ አይደጋገምም የሚለው ነው።

የዚህን ጥያቄ ክብደት ለመረዳት የፕሪንተሩን ሥራ ባጭሩ ማወቅ ይበቃል። ድራም የሚባለው ለብርሃን የሚነቃ ሽፋን ያለው ሲሊንደር መጀመሪያ በኤሌክትሪክ ኃይል ይሞላል። ሌዘሩ ጽሑፍ የሚወጣበትን ቦታ በብርሃን ሲነካው እዚያ ያለው ኃይል ይቀንሳል፤ ከጎኑ የሚሽከረከረው ቶነር አቅራቢ ሮለርም ዱቄቱን በዚያው ቦታ ላይ ያሳርፋል። ከዚያ ከወረቀቱ ሥር ያለው አስተላላፊ ሮለር ዱቄቱን ከድራሙ ወደ ወረቀቱ ይስበዋል። በመጨረሻ ፊውዘሩ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት አቅልጦ ያጣብቀዋል።

እነዚህ ክፍሎች ሁሉ ክብ ናቸው። ጎማው ላይ ጭቃ የተለጠፈበት ጋሪ በየዙሩ መንገዱ ላይ ምልክት እንደሚተው፣ ጉዳት ያለበት ሮለርም በዞረ ቁጥር ወረቀቱ ላይ አሻራውን ይተዋል። በሁለት መስመሮች መካከል ያለው ርቀት የሮለሩን ዙሪያ ይነግረናል ማለት ነው። ዙሪያውን ለማግኘት የሮለሩን ውፍረት በ3.14 ማባዛት ነው። 12ኤ እና 85ኤ የተባሉትን ካርትሪጆች የሚጠቀሙ ትናንሽ የኤችፒ ፕሪንተሮች የድራማቸው ውፍረት 24 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ዙሪያው ወደ 75 ሚሊ ሜትር ይመጣል። በብዙ የብራዘር ፕሪንተሮች ደግሞ ድራሙ 30 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ዙሪያው 94 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 12ኤ ካርትሪጅ ያለው ፕሪንተር ነጭ መስመር ጀመረው እንበል። ነጭ መስመር በተራ ጽሑፍ መካከል ስለሚጠፋ፣ በዎርድ ላይ ሙሉውን ገጽ የሚሸፍን ግራጫ አራት ማዕዘን ስለን እናትማለን። ወረቀቱ ላይ አራት ነጫጭ መስመሮች ወጡ። ከላይኛው ጠርዝ ጀምረን በማስመሪያ ስንለካ በ40፣ በ115፣ በ190 እና በ265 ሚሊ ሜትር ላይ አገኘናቸው። ልዩነቱ በየመሀሉ 75 ነው። ሁለተኛ ገጽ ስናትም የመጀመሪያው መስመር ቦታ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል፤ በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት ግን አይለወጥም። ጣታችን ድራሙ ላይ ይቀሰራል።

በአንዳንድ ፕሪንተሮች የሌላ ሮለር ዙሪያ ከድራሙ ጋር ሊቀራረብ ስለሚችል ፍርዱን የሚያጸና ሁለተኛ ፈተና አለ። ያንኑ ግራጫ ገጽ እንልክና ወረቀቱ ግማሽ መንገድ ላይ እያለ የፕሪንተሩን በር እንከፍታለን፤ ሥራው ይቆማል። ካርትሪጁን በጥንቃቄ አውጥተን፣ መከለያውን ለአፍታ ገለጥ አድርገን ድራሙን እናያለን። ነጩ መስመር ገና ወረቀት ባልነካው የድራሙ ምስል ላይ ካለ ችግሩ ከካርትሪጁ አይወጣም። ድራሙ ላይ ምስሉ ሙሉ ሆኖ ወረቀቱ ላይ መስመሩ ከታየ ጥርጣሬው ወደ አስተላላፊው ሮለር ይሄዳል። ገና ፊውዘር ውስጥ ባልገባው የወረቀቱ ክፍል ላይ ምስሉ ሙሉ ሆኖ፣ ካለፈ በኋላ ብቻ ከጎደለ ግን ተጠያቂው ፊውዘሩ ነው። በዚህ ፈተና ጊዜ ፊውዘሩ ስለሚያቃጥል አይነካም፤ ድራሙም ጣትና ብርሃን እንዳይነካው ቶሎ መከደን አለበት።

በምሳሌያችን መስመሩ ድራሙ ላይ ታየ። ድራም ላይ ከዳር እስከ ዳር የተሰመረ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ካርትሪጁ ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ ሲቀመጥ ነው፤ ተጭኖት የሚኖረው የጎማ ሮለር በነካው ቦታ ላይ አሻራውን ይተዋል። እንዲህ ያለው መስመር ጥቂት ገጾች ሲታተሙ እየደበዘዘ ሊጠፋ ይችላል። ካልጠፋ ሽፋኑ ተጎድቷል፤ ዱቄት መጨመርም አያድነውም።

ርቀቱ እኩል ሆኖ ከድራሙ ዙሪያ በጣም ካነሰ፣ ካርትሪጁ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ሮለሮች ይጠረጠራሉ። እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ፤ ቶነር አቅራቢው ሮለር ብዙውን ጊዜ ከድራሙ ፈጠን ብሎ ስለሚሽከረከር ወረቀቱ ላይ የሚታየው ርቀት ከሮለሩ ዙሪያ ያንሳል። ሮለሩን ለክቶ "አልገጠመም" ብሎ ነጻ ማውጣት ስህተት ነው።

መስመሮቹ ያለ ሥርዓት፣ አንዴ ተቀራርበው አንዴ ተራርቀው ከመጡ ግን ሮለሮቹን መውቀስ አይቻልም። ካርትሪጁ ከፕሪንተሩ ኤሌክትሪክ የሚቀበልባቸው በጎኑ ያሉ ትናንሽ ብረቶች ቆሽሸው ወይም ላልተው ኃይሉ እየተቆራረጠ ሊሆን ይችላል። ፕሪንተሩን ከሶኬት ነቅሎ ብረቶቹን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ገንዘብ የማይጠይቅ ሙከራ ነው። በክረምት ተከፍቶ የሰነበተ እርጥበት ያዘለ ወረቀትም ነጭ ያወጣል፤ ያ ግን ጥርት ካለ መስመር ይልቅ ቅርጽ የለሽ ነጠብጣብ ይመስላል።

ፊውዘር ያለ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ይከሰሳል። ፊውዘር ቶነር ሲያነሳ ያነሳውን ይዞ አይቀርም፤ ዱቄቱ ሙቁ ሮለር ላይ ተጣብቆ አንድ ዙር ከዞረ በኋላ ከታች ተመልሶ ያርፋል። ስለዚህ ከነጩ ቦታ ዝቅ ብሎ የጎደለው ጽሑፍ ደብዛዛ ጥላ መታየት አለበት። ሙቀቱ ካነሰው ደግሞ ጽሑፉ በጣት ሲታሽ ይለቃል። ጥላ የሌለውና በጣት የማይለቅ ንጹህ ነጭ መስመር አይቶ ፊውዘር ማስቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

የሚገዛውም ዕቃ እንደ ፕሪንተሩ ይለያያል። በ12ኤ እና በመሰሎቹ ድራሙ ካርትሪጁ ውስጥ ስለሆነ፣ ወይ ካርትሪጁ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል ወይ የሚሞላው ባለሙያ ድራሙንም እንዲለውጥ ይነገረዋል። በብዙ የብራዘር ፕሪንተሮች ድራሙ ከቶነሩ ተለይቶ ለብቻው ይሸጣል፤ በአንዳንዶቹ እስከ 12,000 ገጽ እንዲያገለግል የተሠራ ስለሆነ ብዙ ቶነር ተቀያይሮበት ነው ተራው የሚደርሰው። ወደ ጥገና ቤት ሲሄዱ ግራጫውን ገጽ ይዘው፣ ርቀቱን በሚሊ ሜትር ጽፈውበት ይሂዱ፤ ባለሙያው ሌላ ዕቃ ይቀየር ካለዎትም ከዚያ ቁጥር ጋር እንዴት እንደሚገጥም እንዲያስረዳዎት ይጠይቁ።