ሳንሱሲና ባሕር ዳር ለምን አንድ ሰዓት ይቆጥራሉ?

ምድር በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ትዞራለች። ስለሆነም የአንድን ቦታ የሰዓት ቀጠና ለመገመት ኬንትሮሱን ለ15 አካፍሎ ወደሚቀርበው ሙሉ ቁጥር ማጠጋጋት ይበቃል። በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ጫፍ የምትገኘው ሳንሱሲ 38.7 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ ላይ ናት፤ ስሌቱ 2.58፣ ሲጠጋጋ 3 ይሆናል፤ ይህም ከግሪንዊች በ3 ሰዓት መቅደም ነው። በ37.4 ዲግሪ ላይ ያለችው ባሕር ዳር ግን 2.49፣ ሲጠጋጋ 2 ብቻ ይደርሳታል።

የቀጠናው መስመር ቀጥ ብሎ ቢሰመር፣ ከሳንሱሲ ባሕር ዳር የሚገባ መንገደኛ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ በመለሰ ነበር። በአንድ መንግሥት ሥር ላሉ መሥሪያ ቤቶችና ባንኮች ይህ ስለማይመች፣ መስመሩ የአገሪቱን ድንበር ተከትሎ ይታጠፋል። የፀሐይ ልዩነት ግን አይቀርም፤ የቀኑ አጭር ጥላ በአማካይ በሳንሱሲ 6 ሰዓት ከ25፣ በባሕር ዳር 6 ሰዓት ከ30፣ በጋምቤላ ደግሞ 6 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ገደማ ላይ ይታያል።