የ4 ሰዓት የሠርግ ቪዲዮ በ2 ጊጋባይት ወሰን ውስጥ ስለ ማስገባት

ከጥምቀት በዓል በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ባሉት ሳምንታት በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በምዕራብ ጎጃም ገጠር ሠርግ ይበዛል፡፡ ለፎቶ ቤቶችም ዋነኛው የሥራ ወራት ይኸው ነው፡፡ ቀድሞ የሙሽሮቹ ቤተሰብ ቪዲዮውን በሲዲ ተቀብሎ ሲሄድ የፎቶ ቤቱ ሥራ ያበቃ ነበር፡፡ አሁን ግን ደንበኛው ብዙውን ጊዜ አንድ ተጨማሪ ነገር ይጠይቃል፤ ይኸውም ሠርጉ ላይ ሊገኝ ያልቻለው በውጭ አገር የሚኖር ልጅ ወይም ወንድም ሥርዓቱን በሙሉ እንዲያይ፣ የወላጆችንም ምርቃት በጆሮው እንዲሰማ፣ ቪዲዮው በቴሌግራም እንዲላክለት ነው፡፡

በዚህ ጊዜ የሚያጋጥመው እንቅፋት የታወቀ ነው፡፡ ቴሌግራም ከሐምሌ ወር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለማንኛውም ተጠቃሚ በአንድ ፋይል የሚፈቅደው ወሰን 2 ጊጋባይት ነው፡፡ ተጨማሪ ክፍያ ለሚከፍል ደንበኛ ወሰኑ 4 ጊጋባይት ይሆናል፡፡ ከፎቶ ቤቱ ኮምፒዩተር ተስተካክሎ የወጣ የ4 ሰዓት ቪዲዮ ግን በሰከንድ 10,000 ኪሎቢት የተቀዳ ቢሆን 18 ጊጋባይት ይመዝናል፡፡ ይህም ከወሰኑ ዘጠኝ እጥፍ ነው፡፡

ክብደቱን የሚወስነው ምንድር ነው

ይህ ችግር የገጠመው ባለሙያ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚሞክረው ፋይሉን በዚፕ ማሸግ ነው፡፡ ይሁን እንጂ ቪዲዮ ገና ሲቀዳ የተጨመቀ ስለሆነ ዚፕ ከክብደቱ የሚቀንሰው ከቁጥር የሚገባ አይደለም፡፡ ሁለተኛው ሙከራ የሥዕሉን ስፋት ማሳነስ ነው፡፡ ይህም ብቻውን አይበቃም፤ የሥዕሉ ስፋት በግማሽ ቢቀንስና በሰከንድ የሚቀዳው 10,000 ኪሎቢት ሳይነካ ቢቀር፣ ፋይሉ ያው 18 ጊጋባይት ሆኖ ይወጣል፡፡

ነገሩን በቧንቧና በበርሜል መመሰል ይቻላል፡፡ በርሜሉ ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃ የሚለካው በሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንደኛው ቧንቧው በየሰከንዱ የሚያወርደው መጠን፣ ሁለተኛው ቧንቧው ተከፍቶ የቆየበት ጊዜ ነው፡፡ በቪዲዮ ረገድ በየሰከንዱ የሚፈስሰው መጠን ቢትሬት ይባላል፡፡ የሠርጉ ርዝመት የታወቀ ነው፤ የበርሜሉም መጠን በቴሌግራም ተወስኗል፡፡ ስለዚህ ባለሙያው ሊያስተካክለው የሚችለው ቢትሬቱን ነው፤ እርሱንም በግምት ሳይሆን በማካፈል ያገኘዋል፡፡

ስሌቱ

ወሰኑ 2 ጊጋባይት ቢሆንም እስከ አፉ መሙላት አይገባም፡፡ 1,900 ሚሊዮን ባይት ላይ ማቆም ይሻላል፡፡ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ይህ መጠን 15,200,000 ኪሎቢት ይሆናል፡፡ ይህንን ቁጥር በቪዲዮው ሰከንዶች ማካፈል ነው፤ ፎቶ ቤቱም 15,200,000 የሚለውን ቁጥር በግድግዳው ላይ ጽፎ ቢያኖረው ለማንኛውም ሠርግ ያገለግለዋል፡፡

ለምሳሌ የ4 ሰዓት ቪዲዮ ይወሰድ፡፡ አራት ሰዓት 14,400 ሰከንድ ነው፡፡ 15,200,000 ለ14,400 ሲካፈል 1,055 ኪሎቢት ይደርሳል፡፡ ከዚህ ላይ ለድምፅ 96 ኪሎቢት ይነሣል፤ የሽማግሌዎቹን ንግግርና የመሰንቆውን ድምፅ በደኅና ለመያዝ ይህ በቂ ነው፡፡ ለሥዕሉ 959 ይቀራል፡፡ ፋይሉ ራሱን ለማደራጀት ጥቂት ቦታ ስለሚወስድ 940 ላይ መወሰን ይበጃል፡፡ በዚህ ልክ የሚወጣው ፋይል 1,865 ሚሊዮን ባይት ገደማ ስለሚሆን ከወሰኑ በታች ይውላል፡፡

የሥዕሉ ስፋት የሚመረጠው ከዚህ በኋላ ነው፡፡ በ940 ኪሎቢት ትልቁን 1920 በ1080 ሥዕል ለመሸከም መሞከር ጥቂቱን ቅቤ በሰፊ እንጀራ ላይ ለማዳረስ እንደ መድከም ነው፡፡ ሰው ቆሞ ሲናገር ደኅና ይመስላል፤ እስክስታው ሲጀመር ግን ሥዕሉ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይበጣጠሳል፡፡ በዚህ ቢትሬት የሚስማማው 854 በ480 ነው፡፡ በስልክ ለሚመለከት ዘመድ ይህ ስፋት አያስከፋም፡፡

አሠራሩ

ሥራውን HandBrake በተባለው ያለ ዋጋ በሚገኝ ፕሮግራም መፈጸም ይቻላል፡፡ መነሻ የሚሆነው ከማስተካከያው ፕሮግራም በቀጥታ የወጣው ትልቁ ፋይል ነው፤ አንድ ጊዜ የተጨመቀውን መልሶ መጭመቅ ጉድለትን በጉድለት ላይ መደረብ ነው፡፡ ፋይሉ ከተከፈተ በኋላ Format በሚለው ላይ MP4 ይመረጣል፡፡ Dimensions በሚለው ገጽ Custom ተመርጦ 854 እና 480 ይጻፋል፡፡ Video በሚለው ገጽ H.264 (x264) ይመረጥና Avg Bitrate በሚለው ቦታ 940 ይጻፋል፡፡ Audio በሚለው ገጽ ደግሞ AAC እና 96 ይደረጋል፡፡

በዚሁ በ Video ገጽ Constant Quality የሚል ሌላ ምርጫ አለ፡፡ ይህ ምርጫ የሥዕሉን ጥራት ይጠብቃል እንጂ የፋይሉን ክብደት አስቀድሞ አይናገርም፤ ስለዚህ ወሰን ላለው ሥራ አይሆንም፡፡ ከ Avg Bitrate ጋራ Multi-Pass Encoding የሚለው ምልክት ሊደረግበት ይገባል፤ በቀደሙት የፕሮግራሙ ዕትሞች 2-Pass Encoding ይባላል፡፡ ኮምፒዩተሩ በመጀመሪያው ዙር ቪዲዮውን ሁሉ አይቶ ጸጥ ያለው ክፍልና እንቅስቃሴ የበዛበት ክፍል የትኛው እንደሆነ ይመዘግባል፡፡ በሁለተኛው ዙር ከሽማግሌዎቹ መቀመጫ የተረፈውን ለጭፈራው ይሰጣል፡፡ ሥራው ረዘም ያለ ጊዜ ይፈጃል፤ መብራት ቢጠፋ ሁሉም ከመጀመሪያው ስለሚጀመር ባትሪው ደኅና በሆነ ላፕቶፕ ላይ ቢሠራ ይመረጣል፡፡

H.265 የተባለው አዲሱ አጨማመቅ በዚሁ ቢትሬት የተሻለ ሥዕል እንደሚሰጥ እውነት ነው፡፡ ነገር ግን አንዳንድ አሮጌና ርካሽ ስልኮች አያጫውቱትም፤ ድምፁ ይሰማል፣ ሥዕሉ ይጠቁራል ወይም ይንቀራፈፋል፡፡ ቪዲዮው በገጠር ላሉ ዘመዶችም የሚደርስ ከሆነ H.264 አስተማማኙ ነው፡፡

የሌሊቱ ዳስ

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው በገጠር ዳስ ውስጥ በሌሊት የተነሣው ክፍል ነው፡፡ ብርሃኑ ከጄኔሬተር በተሳበ አንድ ወይም ሁለት አምፑል ብቻ ሲሆን ካሜራው ጨለማውን ለማሸነፍ ሲል ሥዕሉን ያሻክረዋል፤ በጥቁሩ ቦታ ሁሉ እንደ አሸዋ ያለ ነጠብጣብ ይርመሰመሳል፡፡ ኮምፒዩተሩ ይህ አሸዋ ከሙሽራይቱ ፊት የማይበልጥ መሆኑን አያውቅም፡፡ እያንዳንዱን ነጠብጣብ እንደ እንቅስቃሴ ቆጥሮ ቢትሬቱን በእርሱ ላይ ያባክናል፡፡ መድኃኒቱ Filters በሚለው ገጽ Denoise ላይ HQDN3D መርጦ መጠኑን Light ማድረግ ነው፡፡ ከዚህ የበረታ ቢመረጥ የፊት መልክና የቀሚሱ ጥልፍ እንደ ሰም ይለሰልሳል፡፡

ሙሉውን ሥራ ከመጀመር በፊት ከዚሁ ከሌሊቱ ጭፈራ ሁለት ደቂቃ ወስዶ መሞከር ይገባል፡፡ የሙከራው ፋይል 15 ወይም 16 ሜጋባይት ሆኖ ቢወጣ ስሌቱ ትክክል ነው፡፡ ሥዕሉ ግን በሙከራው ላይ ከሙሉው ሥራ ይልቅ ሊከፋ ይችላል፤ ምክንያቱም ሁለቱ ደቂቃ ለብቻው ሲሠራ ከጸጥተኛው ክፍል የሚበደረው ቢትሬት የለም፡፡ ስለዚህ በሙከራው ላይ ፊት ለይቶ ማወቅ ከተቻለ ሙሉው አያሳፍርም፡፡

መክፈል የሚሻልበት ጊዜ

ቪዲዮው 6 ሰዓት ቢሆን ያው ስሌት በሰከንድ 703 ኪሎቢት ብቻ ይሰጣል፤ ድምፁ ሲነሣ ለሥዕሉ 607 ይቀራል፡፡ በዚህ መጠን ጭፈራው አይታይም ማለት ይቻላል፡፡ ወሰኑ ለአንድ ፋይል እንጂ ለአንድ ሠርግ አለመሆኑን ማስታወስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፡፡ የ4 ሰዓቱ ቪዲዮ እንኳ ለሁለት ቢከፈል ለእያንዳንዱ የ2 ሰዓት ክፍል 2,111 ኪሎቢት ይደርሰዋል፤ ይህም 1280 በ720 የሆነውን ሥዕል በደኅና ይሸከማል፡፡ መቁረጫው የሰዓቱ እኩሌታ ሳይሆን የሥርዓቱ መለያያ ሊሆን ይገባል፤ ለምሳሌ ሙሽራይቱ ከወላጆችዋ ቤት በምትወጣበት ጊዜ፣ ወይም በሠርጉ ማታና በመልሱ መካከል፡፡ ክፍሎቹ እኩል ካልሆኑ የእያንዳንዱ ቢትሬት በራሱ ሰከንድ ይካፈላል፡፡

የመክፈል ዋጋው የመላኪያው ጊዜ እጥፍ መሆኑ ነው፡፡ የኢንተርኔቱ መስመር በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሚያሳልፍ ቢሆን 1,865 ሚሊዮን ባይቱ ፋይል ለመሄድ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ሁለት ክፍል ከሆነ አራት ሰዓት ይሆናል ማለት ነው፡፡ ያልተነካው 18 ጊጋባይት በዚሁ መስመር ይሂድ ቢባል ኖሮ 20 ሰዓት በፈጀ ነበር፡፡ መስመሩ ደካማ በሆነበት ቦታ አንዱን ባለ 480 ፋይል መላክ፣ መስመሩ ደኅና በሆነበት ሁለቱን ባለ 720 መላክ አግባብ ነው፡፡

አላላኩ

ይህ ሁሉ ከተደከመበት በኋላ ሥራውን በመጨረሻው ደቂቃ ማበላሸት ይቻላል፡፡ ከስልክ ላይ ሲላክ ፋይሉ እንደ ቪዲዮ ከተመረጠ ቴሌግራም በራሱ ፈቃድ ሊጨምቀው ይችላል፡፡ File በሚለው በኩል ከተላከ ግን እንደ ተሠራ ይደርሳል፡፡ መድረሱን ለማወቅም ተቀባዩ የሚያነበውን የፋይል ክብደት ከተላከው ጋራ ማስተያየት ነው፤ በጣም አንሶ ከተገኘ በመንገድ ላይ ተጨምቋል ማለት ነው፡፡

ወደ ውጭ የተላከው ቅጂ ለማየት ያህል የተዘጋጀ እንጂ የሠርጉ መዝገብ አይደለም፡፡ የተጣለው ዝርዝር ደግሞ ከእርሱ ተመልሶ አይገኝም፡፡ ስለዚህ ፎቶ ቤቱ ቀብድ ሲቀበል ሦስት ነገሮችን በደረሰኙ ላይ ቢያሰፍር ከኋላ ክርክር ይድናል፤ ይኸውም ቪዲዮው በስንት ክፍል እንደሚላክ፣ ትልቁ ፋይል በሃርድ ዲስክ ወይም በፍላሽ ለማን እንደሚሰጥ፣ ፎቶ ቤቱም እስከ መቼ እንደሚያስቀምጠው ነው፡፡ ለኮምፒዩተሩ ቦታ ለማስለቀቅ ሲባል ትልቁ ፋይል የሚሰረዘው ቤተሰቡ የራሱን ቅጂ ከተረከበና ከፍቶ ካየ በኋላ ብቻ መሆን አለበት፡፡