መልስን ወደ መጀመሪያው እኩልዮሽ ስለ መመለስ

መስመራዊ እኩልዮሽ ፈትቶ የ x ዋጋን ያገኘ ተማሪ ሥራውን ገና አልጨረሰም። ያገኘውን ቁጥር በ x ስፍራ ተክቶ፣ ግራና ቀኙ እኩል መሆናቸውን ማየት ይቀረዋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ብዙዎቻችን የምንስተው ቁጥሩን የምንተካበትን መስመር ነው። እኔም በአንድ ፈተና ላይ መልሴን አመሳክሬ፣ «ልክ ነው» ብዬ ወረቀቴን ካስረከብሁ በኋላ፣ ስሕተት ተብሎ ተመልሶልኛል። የተሰጠን እኩልዮሽ ይህ ነበር፤

5 − 2(x − 3) = x − 4

እኔ ቅንፉን ፈትቼ እንዲህ ጻፍሁ፤

5 − 2x − 6 = x − 4
−1 − 2x = x − 4
3 = 3x
x = 1

ለማመሳከር 1ን የተካሁት በሁለተኛው መስመር ላይ ነበር። ግራው 5 − 2 − 6 = −3 ሆነ፤ ቀኙም 1 − 4 = −3 ሆነ። እኩል ናቸውና ደስ አለኝ። ዳሩ ግን ሁለተኛው መስመር ራሱ ከስሕተቱ የተወለደ ስለ ሆነ፣ የሰጠኝ ምስክርነት የዘመድ ምስክርነት ነበር። በመጀመሪያው መስመር ላይ ተክቼው ቢሆን ኖሮ ግራው፣

5 − 2(1 − 3) = 5 − 2(−2) = 5 + 4 = 9

ሲሆን፣ ቀኙ −3 ይሆን ነበር። እንግዲህ መልሱ ስሕተት ነው።

ይህ ማመሳከሪያ ስሕተቱ የት እንዳለም ያሳያል። ቁጥር 1 ለመጀመሪያው መስመር አይስማማም፤ ለሁለተኛው ግን ይስማማል። ስለዚህ ስሕተቱ የገባው በሁለቱ መካከል፣ ቅንፉ ሲፈታ ነው። በእርግጥም −2 በ −3 ሲባዛ +6 እንጂ −6 አይሆንም። ትክክለኛው አፈታት ይህ ነው፤

5 − 2x + 6 = x − 4
11 − 2x = x − 4
15 = 3x
x = 5

አሁን 5ን በመጀመሪያው እኩልዮሽ ላይ እንተካ። ግራውንና ቀኙን ለየብቻ እናስላ እንጂ፣ ቁጥሮችን ከወዲያ ወዲህ አናሻግር፤ ካሻገርን እንደገና መፍታት እንጂ ማመሳከር አይሆንም። ግራው 5 − 2(5 − 3) = 5 − 4 = 1 ነው፤ ቀኙም 5 − 4 = 1 ነው። ይህ እኩልዮሽ አንድ መልስ ብቻ ስላለው፣ ስሌታችን ልክ እስከ ሆነ ድረስ ሌላ ቁጥር ይህን ፈተና ሊያልፍ አይችልም።

አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። ጥያቄው በቃል የተሰጠ ሲሆን፣ የመጀመሪያው መስመር እኛ የጻፍነው እኩልዮሽ ሳይሆን ጥያቄው ራሱ ነው። «ደብተርና እስክሪብቶ በአንድነት 50 ብር ያወጣሉ፤ እስክሪብቶው ከደብተሩ በ10 ብር ይበልጣል፤ የደብተሩ ዋጋ ስንት ነው?» ቢባል፣ አንዱ ተማሪ ቸኩሎ x + 10 = 50 ብሎ 40 ብር ያገኛል። በጻፈው እኩልዮሽ ላይ ቢተካው 40 + 10 = 50 ይሆንለታል። ወደ ጥያቄው ቢመለስ ግን ደብተሩ 40 ከሆነ እስክሪብቶው 50፣ ድምሩም 90 ብር ነው። ትክክለኛው እኩልዮሽ x + (x + 10) = 50 ነው፤ ደብተሩ 20፣ እስክሪብቶው 30 ብር ይሆናል። የ20ና የ30 ድምር 50 ነው፤ ልዩነታቸውም ጥያቄው እንዳለው 10 ነው።