«ቢታይልኝ» ብዬ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ

ለአንድ ድርጅት ሁለት ጽሑፎች ሠርቼ ነበር፤ አንዱ በ3,000 ብር። የሚከፈለኝ ቀን አለፈ፤ ሌላ ሳምንትም ተጨመረ። የቤት ኪራይ ሲቃረብ ለሥራ አስኪያጁ በቴሌግራም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ይቅርታ ላስቸግርዎት ብዬ ነው። ያው ባለፈው የተላኩት ጽሑፎች ጉዳይ፣ ከተቻለ በቅርቡ የሚታይበት ሁኔታ ቢመቻችልኝ ጥሩ ነበር ለማለት ያህል ነው።»

በአምስት ደቂቃ ውስጥ መለሱልኝ፦ «እሺ፣ ይታያል።»

ደስ አለኝ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ዝም።

በሌላ መሥሪያ ቤት ፋይናንስ ክፍል የምትሠራ ጓደኛዬን አማከርኳት። መልእክቱን ሁለቴ አነበበችና «ገንዘብ መጠየቅህን በምን ልወቅ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። «ክፍያ» የሚል ቃል እንኳ የለበትም! ስንት ብር፣ ለየትኛው ሥራ፣ እስከ መቼ፣ ማን ይክፈል? አንዱም አልተጻፈም።

አብረን ፈታታነው። መጀመሪያ የተነሱት «ያው»፣ «ከተቻለ» እና «ለማለት ያህል» ናቸው። እነዚህ ቃላት ጥያቄውን ገና ሳልጨርሰው መልሼ እንድወስደው ያደርጉኛል። «ከተቻለ» ስል «ካልተቻለም ችግር የለም» እያልኩ ነው። እኔ ግን ችግር ነበረብኝ፤ አከራዬ ከተቻለ አይሉም።

ቀጥሎ ግሦቹ መጡ። «የሚታይበት»፣ «ቢመቻችልኝ»። የሚያየው ማን ነው? የሚያመቻቸውስ? ተደራጊ ግሥ ባለቤቱን ይደብቃል። ሥራ አስኪያጁም በራሴው ግሥ «ይታያል» ብለው መለሱልኝ። አልዋሹም፤ «አየዋለሁ» ግን አላሉም። በተማርኩት ኢኮኖሚክስ ቋንቋ ካሰብነው፣ እንዲህ ያለ መልስ ለሰጪው ዋጋው ዜሮ ነው።

እንዲህ የምጽፈው ትሕትና መስሎኝ ነበር። አማርኛ ግን ለአክብሮት የራሱ ቦታ አለው፤ «እርስዎ» ስንል ግሡ ራሱ አብሮ ይለወጣል። «ቢከፈለኝ» እና «ቢከፍሉኝ» የሚለውን አስተያዩ። ሁለቱም ለስላሳ ናቸው፤ ሁለቱም «ቢ» አላቸው። በሁለተኛው ውስጥ ግን «እርስዎ» አሉ፤ በመጀመሪያው ማንም የለም። ስለዚህ አክብሮቱን ሳንነካ ባለቤቱን መመለስ እንችላለን።

የቀረው «በቅርቡ» ነው። የእኔ ቅርብ ኪራይ የምከፍልበት ቀን ነው፤ የእሳቸው ቅርብ ምናልባት የወሩ መጨረሻ ነው። «በቅርቡ» እና «በተቻለ ፍጥነት» በሚሉት ፋንታ ቀንና ሰዓት መጻፍ አለበት። «ሐሙስ» ብቻ ማለትም አይበቃም፤ የትኛው ሐሙስ?

አዲሱ መልእክት እንዲህ ሆነ፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ኅዳር 20 እና 27 የላክሁልዎት ሁለት ጽሑፎች ክፍያ፣ 6,000 ብር፣ እስካሁን አልገባልኝም። እስከ ሐሙስ ጥር 14 ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ እንዲያስገቡልኝ እጠይቃለሁ። የባንክ ሂሳብ ቁጥሬን ከታች ጽፌዋለሁ። የጎደለ ሰነድ ካለ ዛሬ ይንገሩኝ፤ ነገ ጠዋት አመጣለሁ። አመሰግናለሁ።»

«አልገባልኝም» የሚለውን ልብ በሉት። «አልከፈሉኝም» ማለት እችል ነበር። ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ አላውቅም፤ የማውቀው ብሩ አለመግባቱን ብቻ ነው። የሆነውን ስንናገር ባለቤቱን መተው አንዳንዴ ሰውን ከመወንጀል ያድናል። እንዲደረግልን የምንፈልገውን ስንጠይቅ ግን አድራጊው ይጠራ። አድራጊውን ጭራሽ የማናውቀው ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ይህን ክፍያ የሚፈጽመው ማን ነው?» ይሁን።

መልሱ በዚያው ቀን መጣ፦ «ፋይናንስ የውሉ ቅጂ አልደረሰኝም ይላል። ነገ ይዘህ ና።» ለካ ችግሩ አንድ ወረቀት ነበር! ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም ያልነገረኝ፣ እኔም የሚነገር ነገር ስላልጠየቅሁ ነው። ቅጂውን በማግስቱ ወሰድኩ። ብሩ ሐሙስ ሳይሆን ዓርብ ገባ።

ግልጽ መልእክት ገንዘብ የሌለውን ድርጅት አያስከፍልም፤ መክፈል የማይፈልግንም ልቡን አይለውጥም። ግን ቢያንስ «እከፍላለሁ» ወይም «አልከፍልም» ያሰኛል፤ ሁለቱም ከ«ይታያል» ይሻላሉ።

አሁን ጥያቄ ያለበት መልእክት ከመላኬ በፊት ጓደኛዬ ያነሳቻቸውን አራት ነገሮች እፈልጋለሁ፦ ማን፣ ምን፣ ስንት፣ እስከ መቼ። አንዱ ከጎደለ አልልከውም። ትናንት ለወንድሜ «ያ ቻርጀር ነገር ቢመለስ» ብዬ ጽፌ አጠፋሁትና «ቻርጀሬን ዛሬ ማታ ይዘህልኝ ና» አልኩት። ይዞ መጣ።