የአደባባይ ሃይማኖታዊ ጉዞ ፈቃድ መጠየቂያ ደብዳቤ ምን መያዝ አለበት?

የጥምቀት በዓል ሲቃረብ የከተማ አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች ከአድባራት ሰበካ ጉባኤያት ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ከደብዳቤዎቹ ብዙዎቹ ታቦታት ጥር 10 ቀን ወደ ባሕረ ጥምቀቱ እንደሚወርዱ በመግለጽ «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልን» በሚል ይደመደማሉ። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ለመዝገብ ቤት ይበቃ ይሆናል፤ መንገድ ለሚዘጋው ትራፊክ ፖሊስና አምቡላንስ ለሚመድበው ጤና ጽሕፈት ቤት ግን የሚነግረው ነገር የለም።

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን፣ በአንቀጽ 30 ደግሞ መሣሪያ ሳይዙ በሰላም የመሰብሰብ መብትን ያረጋግጣል። ይኸው አንቀጽ 30 ከቤት ውጭ የሚደረጉ ስብሰባዎችና ሰልፎች የሚካሄዱባቸው ቦታዎችና መንገዶች በሕዝብ እንቅስቃሴ ላይ ችግር እንዳይፈጥሩ አግባብ ያለው ሥርዓት ሊወጣ እንደሚችል ይደነግጋል።

በ1983 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ሰላማዊ ሰልፍንና ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባን የሚመለከት ነው። ሃይማኖታዊ ጉዞ ከእነዚህ የተለየ ቢሆንም አዋጁ በጽሑፍ እንዲገለጹ የሚጠይቃቸው ነጥቦች፣ ማለትም ዓላማ፣ ቦታና መንገድ፣ ቀንና ሰዓት፣ የተሳታፊው ግምት፣ ከመንግሥት የሚፈለገው ድጋፍና የአዘጋጆቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ፣ ለዚህም ደብዳቤ ጥሩ መነሻ ይሆናሉ። አዋጁ ያስቀመጠው የ48 ሰዓት ቅድመ ማስታወቂያ ግን መንገድ ለመለካትና ተሽከርካሪዎችን በሌላ አቅጣጫ ለመምራት አጭር በመሆኑ፣ ለእንዲህ ያለው ጉዞ ደብዳቤው ሳምንታት ቀድሞ ቢገባ ይመረጣል።

ለአብነት 12 ሺህ ምእመናን የሚጠበቁበትን የአንድ ከተማ አጥቢያ እንውሰድ። ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ባሕረ ጥምቀቱ ያለው መንገድ ሰፊ ቢሆንም መካከል ላይ ስፋቱ 4 ሜትር የሆነ ድልድይ አለ። ደብዳቤው መንገዱን በስም ከመዘርዘር አልፎ ይህን ጠባብ ቦታ ከነስፋቱ ሊጠቅስ ይገባል፤ የሕዝቡን ፍሰት የሚወስነው ድልድዩ ነውና።

በደልዳላ መንገድ ላይ ሳይቆም የሚራመድ ሕዝብ በአንድ ሜትር ስፋት በደቂቃ ቢበዛ 80 ሰው ያህል ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ስሌት በድልድዩ በደቂቃ 320 ሰው፣ 12 ሺህው ሕዝብ ደግሞ በ38 ደቂቃ ገደማ ይሻገራል። ታቦት የሚያጅብ ሕዝብ ግን እየዘመረና እየቆመ ስለሚሄድ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ ቢታሰብ 75 ደቂቃ ያስፈልጋል። የጉዞው መሪ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ45 ድልድዩ ዘንድ ቢደርስ የመጨረሻው ሰው የሚያልፈው 10 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ «ከሰዓት በኋላ መንገድ ይዘጋልን» ከማለት ይልቅ «ድልድዩ ከ8፡30 እስከ 10፡15 ለተሽከርካሪ ይዘጋልን» ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

በደብዳቤዎች ዘንድ በብዛት የሚዘነጋው መልሱ ነው። በከተራ ዕለት ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ቀስ በቀስ ይሰባሰባል፤ ጥር 11 ቀን ግን ሥርዓቱ ሲፈጸም በአንድ ጊዜ ስለሚንቀሳቀስ በድልድዩ ላይ የሚያርፈው ጫና ይበልጣል። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት የሚመለሰው ጥር 12 ቀን በመሆኑ፣ ይህ ታቦት ባለበት ከተማ ደብዳቤው የሦስቱንም ቀናት ሰዓት ለየብቻ ማስፈር ይኖርበታል።

የደኅንነቱ ክፍል «ወጣቶች ያስተባብራሉ» በሚል ብቻ ሊታለፍ አይገባም። ከድልድዩ በፊት ሕዝቡን አስቁሞ በየተራ የማሳለፍ ሥልጣን ያለው ሰው ማን እንደሆነ፣ ስልክ ቁጥሩ፣ እንዲሁም አምቡላንስ የሚገባበት ከሕዝቡ መንገድ የተለየ መስመር መገለጽ አለባቸው። ሰዎች እጃቸውን ማንሳት እስኪያቅታቸው ከተጠጋጉ ወይም ከኋላ የመጣ ግፊት ሕዝቡን እንደ ማዕበል ማወዛወዝ ከጀመረ፣ ከኋላ የሚመጣውን ወዲያውኑ ማስቆም ያስፈልጋል።

ጊዜያዊ መቀመጫና መድረክ ካለም በደብዳቤው መካተት ይኖርበታል። በ2012 ዓ.ም የጥምቀት ዕለት በጎንደር ባሕረ ጥምቀት ከእንጨት የተሠራ መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሕይወታቸው ማለፉ ይታወሳል። በመሆኑም መቀመጫውን ማን እንደሠራው፣ ስንት ሰው እንደሚይዝና በባለሙያ መቼ እንደሚመረመር መጻፍ፣ ቁጥሩ ሲሞላ መግቢያውን የሚዘጋ ሰውም መመደብ ያስፈልጋል።

ደብዳቤው ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም ኖሮት ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት ሲገባ፣ ግልባጩ ለፖሊስ፣ ለጸጥታና ለጤና ጽሕፈት ቤቶች ይደርሳል። የጽሕፈት ቤቱም መልስ በጽሑፍ መሆን አለበት። አዋጅ ቁጥር 3 ሰልፍን በተመለከተ የሌላ ጊዜ ወይም ቦታ ሐሳብ ያለው አካል ጥያቄው በደረሰው በ12 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፣ ጨርሶ አይካሄድም ማለት ግን እንደማይችል ደንግጓል። በዚሁ መንፈስ፣ ድልድዩ ጠባብ ነው የሚል ጽሕፈት ቤት «አልተፈቀደም» ብሎ ከመመለስ ይልቅ ሌላ መሻገሪያ ወይም የተለየ የመነሻ ሰዓት ቢያመለክት፣ አዘጋጆቹ በዓሉ ከመድረሱ በፊት ዕቅዳቸውን ለማስተካከል ጊዜ ያገኛሉ።